በፊደል ወይስ በድምፅ?

«የዘዬ ካርታ ለመሥራት ከጎጃም፣ ከመንዝና ከአዲስ አበባ የለቀምኩትን የቃላት ዝርዝር በፊደል እንዳለ የሌቨንሽታይን ርቀቱን ባሰላው ችግር አለው?»

አለው እንጂ! ርቀቱ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር የሚለወጡ፣ የሚጨመሩ ወይም የሚቀነሱ ምልክቶች ትንሹ ብዛት ነው፤ እዚህ ለቃሉ ርዝመት አካፍለነዋል። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይዟል። «ሄደ»ን ከ«ኼደ» ጋር አወዳድር። በፊደል ከሁለት አንዱ ተለወጠ፤ ርቀቱ 0.5 ነው። በድምፅ ግን «ህ-ኤ-ድ-ኧ» እና «ኽ-ኤ-ድ-ኧ» ናቸው። ከአራት አንድ፣ ማለትም 0.25። ይባስ ብሎ «ሰው» እና «ሠው» በድምፅ አንድ ሆነው ሳለ 0.5 ይወጣላቸዋል። እንዲህ ከሆነ ካርታው የሚያሳይህ የጸሐፊዎቹን ልማድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በድምፅ ገልብጠው። ሳድስ ላይ ተጠንቀቅ፤ አናባቢ ይኑረው አይኑረው ቀረጻውን ሰምተህ ወስን። ከዚያ የቃላቱን ሠንጠረዥ የቦታዎቹን መገኛ ከያዘ KML ፋይል ጋር Gabmap በሚባለው የዘዬ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫን፤ የቃላቱን አማካይ ርቀትም ካርታውንም ይሠራልሃል። ሦስት ቦታ ግን ለካርታ ያንሳል፤ በመካከል ያሉ ወረዳዎችን ጨምርበት።