ማዮማዬ 7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልውለድ ወይስ ልቀደድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር የ33 ዓመት መምህርት ነኝ። ካገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ልጅ ግን አልመጣም። የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ይቆያል፣ የረጋ ደም አለው፤ ሁለቱን ቀን በየሰዓቱ ሞዴስ እቀይራለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳን ረሳሁ። በአልትራሳውንድ ሁለት ማዮማ ተገኘብኝ። አንዱ 7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከማህፀኔ ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ሌላው 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ። ሄሞግሎቢኔ 8.6 ነው። አንዱ ሐኪም ትልቁ በኦፕራሲዮን ይውጣ አለኝ፣ ሌላው ክኒን አዘዘልኝ። አማቴ ደግሞ «ሆድሽን ከተቀደድሽ አትወልጂም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም ሰው ያስደነገጠው 7 ቁጥር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ትንሹ ነው።

ማህፀንን እንደ አንዲት ትንሽ ክፍል ይዩት። ግድግዳው ጡንቻ ነው፤ ማዮማ ከዚያው ጡንቻ የሚበቅል እብጠት ነው። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ ከበቀለ ክፍሉ እንዳለ ይቀራል። ጎረቤቱን ግን ይገፋል፦ ፊኛ ላይ ከተጫነ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል፣ ወደ ኋላ ከተጫነ ሆድ ያደርቃል፣ ወገብም ያማል። ወደ ክፍሉ ውስጥ ከበቀለ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ብዙ ያበላሻል። የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ይወጥረዋል፤ ማህፀኑም በወር አበባ ጊዜ በደንብ ተኮማትሮ ደሙን መግታት ያቅተዋል። ጽንስ መጥቶ የሚያርፍበትን ቦታም ያበላሻል። እንዲህ ያለው ማዮማ መጸነስን እንደሚቀንስና ውርጃን እንደሚያመጣ፣ ሲወጣም የመጸነስ ዕድል እንደሚሻሻል እናውቃለን። ወደ ውጭ የወጣው ግን መጸነስን አይከለክልም። በግድግዳው መሃል የተቀመጠው ብቻ ነው ሐኪሞችን የሚያከራክረን፤ እርስዎ ዘንድ እሱ የለም።

ስለዚህ ዘጠኝ ቀን የሚያደማዎት፣ ምናልባትም ልጅ ያዘገየብዎት፣ ባለ 2 ሳንቲ ሜትሩ ነው ብዬ አስባለሁ። ትልቁን ብቻ አውጥቶ እሱን መተው ማለት ሆድ ተከፍቶ፣ ቁስል ድኖ፣ ደሙ እንደነበረው መቀጠል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ደምዎ ይስተካከል። በ8.6 ሄሞግሎቢን አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ውስጥ እንዲገቡ አልፈልግም። የአይረን ክኒን በቀን አንድ፣ ወይም ሆድዎን ካወከ አንድ ቀን እየዘለሉ ይውሰዱ። ከቡናና ከሻይ ጋር አያገናኙት፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም አይረኑ እንዳይገባ ያግዱታል። ክኒኑን ከወሰዱ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይታገሡ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ይረዳል። ሰገራዎ ቢጠቁር አይደንግጡ፣ ከክኒኑ ነው። በጾም ምስርና ጎመን መብላት መልካም ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ይህን ያህል ደም እየፈሰሰ ምግብ ብቻውን አያነሳዎትም። ከወር በኋላ ሄሞግሎቢንዎ እንደገና ይለካ። ካልጨመረ ወይ ክኒኑ በትክክል አልተወሰደም፣ ወይ ደሙ ከሚተካው በላይ እየፈሰሰ ነው።

ደሙን ለመቀነስ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ። በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ፣ ቢበዛ አምስት ቀን ይወሰዳል። ማዮማውን አያሳንስም፣ ግን ደሙን በደንብ ይቀንሳል፤ መጸነስንም አይከለክልም። እግርዎ ወይም ሳንባዎ ውስጥ ደም ረግቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን እንዳይነኩት።

የታዘዘልዎትን ክኒን ስም አልጻፉልኝም። ሳጥኑን አይተው ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ይጠይቁ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ከሆነ ደሙን ይቀንሳል፤ ነገር ግን እየወሰዱት ልጅ አይጠብቁ። ብዙ ሴቶች ይህን ሳይነገራቸው ለወራት ውጠው «አልጸነስኩም» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። የወር አበባን ለጊዜው የሚያቆም መርፌም አለ። በሦስት ወር ውስጥ ማዮማውን ያሳንሰዋል፣ ሲቆም ግን ተመልሶ ያድጋል። ስለዚህ የሚጠቅመው ከቀዶ ጥገና በፊት ደም ለመሰብሰብ ነው። ማዮማን አጥፍቶ የሚያስቀር ክኒንም ሆነ መርፌ እስካሁን የለም።

ደምዎ እየተስተካከለ ሳለ ሁለት ነገር ይሠራ። አንደኛው፣ ማህፀን ውስጥ ትንሽ ንጹሕ ፈሳሽ ተጨምሮ የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። ትንሹ ማዮማ ምን ያህሉ ወደ ክፍሉ እንደገባ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርጉ፣ የእርስዎም የማህፀን ቱቦዎች ክፍት መሆናቸው በራጅ ይታይ። ማዮማ ስለተገኘ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው አይባልም። የባል ዘር ደካማ ሆኖ ሚስት ተቀድዳ ስትመለስ ማየት ከባድ ነው።

ትንሹ በእርግጥ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ምርጫዬ ሂስተሮስኮፒ ነው። ቀጭን መሣሪያ በማህፀን በር በኩል ይገባል፣ ማዮማው ከውስጥ እየተቆረሰ ይወጣል። ሆድ አይቀደድም፤ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ልጅ መሞከር ይቻላል። ትልቁ ካልገፋዎት፣ ካላመመዎት ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ይታይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ሄደው ይህ ሕክምና እዚያው ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሆነም ወዴት ሪፈር እንደሚጽፉልዎት በግልጽ ይጠይቁ።

የማይገኝ ከሆነ ወይም ትልቁ ሽንትዎን የሚያውክ ከሆነ፣ በሆድ በኩል የሚሠራው ቀዶ ጥገና ሁለቱንም አንድ ላይ ያወጣል፤ ማህፀኑ ይቀራል። ስለዚህ አማትዎን በአክብሮት «የሚወጣው ዕጢው እንጂ ማህፀኔ አይደለም» ይበሏቸው። ፍርሃታቸው ግን ከባዶ አልመጣም። ቀዶ ጥገናው ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል። አልፎ አልፎ ደሙ አልቆም ሲል ሕይወት ለማትረፍ ማህፀን ይወጣል። ከዳነ በኋላ አንጀትና ቱቦ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ አዲስ ማዮማም ከዓመታት በኋላ ሊበቅል ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁ፦ ትንሹንም ታወጣለህ ወይ? ደም ተዘጋጅቷል ወይ? ከቤተሰብስ ማን ይለግሳል?

ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ጠባሳው እስኪጠና እስከ ስድስት ወር ይጠብቁ። የማህፀኑ ግድግዳ በጥልቅ ከተቆረጠ ምጥ ጠባሳውን ሊተረትረው ስለሚችል መውለጃዎ በኦፕራሲዮን ይሆናል። የቀዶ ጥገናውን ወረቀት አይጣሉ፤ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ይዘውት ይሂዱ።

እስከዚያው ድረስ ግን ሞዴስ በየሰዓቱ እየራሰ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመና ልብዎ በኃይል ከመታ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።