ቁርጡን ሳይሆን ሥራውን ውሰድ

«ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው የምኖረው፣ 23 ዓመቴ ነው። በኮንስትራክሽን ደረጃ 3 ጨርሼ ወደ ቦዬ መውረጃ በሚሠራ ጂ+1 ቤት ላይ ረዳት አናጺ ነኝ። ፎርማኑ ከሰኞ ጀምሮ እርብራቡን በቁርጥ ውሰደው አለኝ። አሁን ከማገኘው እጥፍ ይደርሰኛል። እናቴ ግን ‹ወድቀህ እንዳትቀርብኝ› እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ባጃጁን ልስጥህ ይለኛል። ደረጃ 4 መቀጠልም አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?»

ባጃጁን ቶሎ ልጨርሰው። የአጎትህ ነው፣ ያንተ አይደለም። ሲበላሽ ዘመድነቱም አብሮ ይበላሻል። ደረጃ 4ን ቀጥል፣ ግን ሥራህን ሳትለቅ በማታው። ቀሪው ደብዳቤ ሁሉ ለእርብራቡ ነው።

እናትህ ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም። ግን እንባዋ ሙያህን ሊመርጥልህ አይገባም። እርብራብ በሥርዓቱ ማቆም የሚችል አናጺ በየሰፈሩ አይገኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ከፍታው ሳይሆን «በቁርጥ» የምትለዋ ቃል ናት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። በራሱ ኃላፊነት በዋጋ ተዋውሎ የሚሠራን ሰው ግን ያ አዋጅ አይመለከተውም። ቁርጥ ስትይዝ፣ ወድቀህ እግርህ ቢሰበር «እሱ የኛ ሠራተኛ አይደለም፣ ቁርጥ ወስዶ ነው» ሊሉህ መንገድ ከፈትክላቸው ማለት ነው። ከእጥፉ ገንዘብ ላይ ደግሞ የረዳትህን ቀን፣ የጎደለውን ሚስማርና ሽቦ ቀንስ። የሚተርፈውን ቁጭ ብለህ በወረቀት አስላው። እኔ ብሆን በቀን ደመወዝ፣ ጭማሪ አድርጉልኝ ብዬ፣ በጽሑፍ እይዘዋለሁ።

አሁን ወደ እንጨቱ።

በ19 ዓመቴ ልስን ላይ እየሠራሁ ከሁለት ሜትር ተኩል ወድቄያለሁ። የግራ እጄን አንጓ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላጥፈውም። የተሰበረውን ቋሚ አጣና ኋላ አየሁት። ላዩ እንደ አዲስ ነበር። ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን እንደ ዳቦ ፍርፋሪ እጄ ላይ ተበተነ። ከሌላ ሳይት የመጣ ነበር፤ አንድ ክረምት ተቀብሮ ከርሟል።

ባሕር ዛፍ የሚበሰብሰው እዚያች መስመር ላይ ነው። ጠለቅ ብሎ አየር ያጥረዋል። ከፍ ሲል ይደርቃል። ከአፈሩ ወለል አካባቢ ግን እርጥበቱም አየሩም ስላለ ብስባሹና ምስጡ እዚያ ይሰፍራሉ። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ከክረምት በፊትም በኋላም አይለቀንም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አንድም ሚስማር ሳትመታ በየቋሚው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ቆፍር። ወፍራም ካቻቪቴ ይዘህ በእጅህ ኃይል ብቻ ግፋው። ጫፉ ብቻ ጭሮ ከቆመ ጥሩ ነው። ቅቤ እንደ ወጋህ ከገባ ያ አጣና ቋሚ መሆን አይችልም። ከዚያ በላይ ያለውን በመዶሻ ጫፍ እየመታህ አድምጠው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተበላው ድፍን ያለ። ደህና የሆነውን ክፍል ቆርጠህ ለሌላ ነገር ተጠቀምበት።

ያንተ ሳይት ወደ ቦዬ ረግረግ የሚወርድ ስለሆነ ሌላም ጉዳይ አለ። በጂሬን ዳገት ላይ የሚቆም እርብራብ በዚያ መሬት ላይ ይሰምጣል። ጉድጓዱን 60 ሳንቲ ያህል አውርደው። ታችኛው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጥና አፈሩን በየንጣፉ ጠቅጥቅ። በቋሚው ዙሪያ ጉብ አድርገው፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ማንም ሳይወጣ ውሃ ልክህን አግዳሚው ላይ አድርግ። ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ካዘነበለ አንዱ እግር ሰምጧል።

ሁለተኛው ሰያፉ ነው። ፎርማኑ «አያስፈልግም፣ እንጨት አታባክን» ሊልህ ይችላል። አራት ቁራጭ እንጨት በሚስማር አራት ማዕዘን አድርገህ ምታና በእጅህ ገፋ አድርገው። ይንጋደዳል። አንድ ሰያፍ ጨምርበትና ድገመው። አይንቀሳቀስም። ይህን ፊቱ አሳየው፣ ክርክር አያስፈልግም። በውጭው ፊት ከታች እስከ ላይ ሰያፍ ይሂድ፣ ባለፈበት ቋሚ ሁሉ ላይ ይመታ። ከቤቱ ጋርም እሰረው። አጥብቆ የሚይዝህ ኮለኑ ነው እንጂ ትናንት የተገነባ ብሎኬት አይደለም። ጂ+1 ላይ የመጀመሪያው ሶሌታ ደረጃ ላይ አንዴ፣ ከላይ አንዴ ብታስረው ይበቃል። ለሳኞች መንገድ ዘጋብን ብለው ሰያፉን ሲነቅሉ ታያለህ። ያኔ ሁሉንም አውርዳቸው፣ ቢሳደቡም።

ሚስማር ላይም አትታመን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ በየመገናኛው ጥቁር ሽቦ ጨምርበት። ከአግዳሚው ሥር ደግሞ አጭር ቁራጭ ቋሚው ላይ ምታ። አግዳሚው እሷ ላይ ይቀመጥ፣ ክብደቱ ሁሉ በሚስማሩ አንገት ላይ አይንጠልጠል።

ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነው፣ ክብደት። በሁለት ቋሚ መካከል 2 ሜትር አለ እንበል። ግንበኛው እንዳይቆም ተብሎ ጠዋት 25 ብሎኬት ይደረደራል። አንዱን 18 ኪሎ ብንይዘው 450 ኪሎ ነው። ሁለት ባልዲ ሞርታር ወደ 80፣ ሁለት ሰው ወደ 130። በድምሩ 660 ኪሎ፣ ያውም አብዛኛው መሃል ላይ። ያው ግንበኛ 8 ብሎኬትና አንድ ባልዲ ብቻ እየተቀበለ ቢሠራ 314 ኪሎ ይሆናል፣ ከግማሽ በታች። የቀን ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ያቀብል እንጂ መጋዘኑ እርብራቡ ላይ አይሁን። የሚደረደረውም ወደ ቋሚው ይጠጋ። ጣውላህ 2.5 ሳንቲ ከሆነ በየ70 ሳንቲው ከሥሩ ተሸካሚ አድርግለት። 5 ሳንቲ ከሆነ 1.5 ሜትር ይችላል። መሃሉ ላይ ስትቆም ጎንበስ ካለ ገና ብሎኬት ሳይወጣ መልሱን ሰጥቶሃል።

የእጅ መያዣው በ1 ሜትር ከፍታ፣ መሰላሉ ከመድረኩ 1 ሜትር አልፎ ይታሰር። ይህን ትምህርት ቤት ተምረኸዋል፣ አልደግመውም።

ለፎርማኑ የምትለው ሦስት ነገር ነው። እንጨቱንና ሚስማሩን እናንተ ታመጣላችሁ፣ የማይሆነውን አጣና የምጥለው እኔ ነኝ፣ ያለ እኔ ማንም ሰያፍ አይነቅልም። እናትህንም አንድ ቀን ሳይቱ ድረስ ውሰዳትና ካቻቪቴውን ስትወጋ አሳያት።

ሰኞ የመጀመሪያውን ቋሚ ስትቆፍር «ምን እያደረግህ ነው?» ይልሃል። ዝም ብለህ አሳየው። ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሲገባ እያየ «ቀጥል፣ ምንም አይል» ካለህ ግን፣ እዚያው ሆነህ ለአጎትህ ደውል።