ሆም ኦፊስ «ፍሬሽ ክሌም አይደለም» ካለ በኋላ

እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ተከልክሎ ይግባኙም የወደቀበት ሰው አዲስ ማስረጃ ያስገባል። ሆም ኦፊስ «ይህ ፍሬሽ ክሌም አይደለም»፣ ማለትም እንደ አዲስ የጥገኝነት ጥያቄ አይቆጠርም ብሎ ከመለሰ ይግባኝ አይኖርም፤ የሚቀረው ጁዲሻል ሪቪው፣ ማለትም ውሳኔው በሕጉ መሠረት መሰጠቱን እንዲመረምር አፐር ትሪቡናል የሚባለውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ እንደገና ይጽፋል። ዳኛው ግን የሚያየው ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ ነው፤ ጥገኝነት ይገባሃል አይገባህም አይልም።

ምሳሌ እንውሰድ። አመልካቹ ስለ ጠባሳው የሐኪም ሪፖርት፣ ከፓርቲው ደግሞ ደብዳቤ አስገብቷል። መልሱ «ፊተኛው ዳኛ አላመነህም፤ እኛም አናምንህም» ይላል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። የኢሚግሬሽን ደንቡ አንቀጽ 353 የሚጠይቀው ማስረጃው አዲስ መሆኑን፣ ከቀድሞው ጋር ተደምሮም ሌላ ዳኛ ፊት የማሸነፍ እውነተኛ ተስፋ እንዳለው ነው። የሆም ኦፊሱ ሠራተኛ ራሱ አመነ አላመነ መነሻ ሊሆን ይችላል እንጂ መልስ አይሆንም። እዚያ ላይ ከቆመ የተሳሳተ ጥያቄ መልሷል፤ ይህ የሕግ ስህተት ነው። በእኔ ግምት ለአቤቱታው ከሚቀርቡት ሦስት ምክንያቶች ጠንካራው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውሳኔው ከአእምሮ ሚዛን የወጣ ነው የሚለው ነው። «አልስማማም» ማለት አይበቃም። ሐኪሙ ጠባሳው ለምን በአደጋ የመጣ እንዳልሆነ ዘርዝሮ ሳለ፣ ሆም ኦፊስ ዝርዝሩን ሳይነካ «አደጋ ሊሆን ይችላል» ብሎ ካለፈው ግን መከራከሪያ አለ። የሪፖርቱንና የውሳኔውን አንቀጽ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ሦስተኛው የሥነ ሥርዓት ፍትሕ ነው። የፓርቲው ደብዳቤ «ሐሰተኛ ነው» ከተባለና አመልካቹ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ካላገኘ እዚህ ይገባል። ነገር ግን ብትጠየቁ ምን ትመልሱ እንደነበር አብራችሁ አቅርቡ፤ ለምሳሌ ደብዳቤውን የፈረመው ሰው የሰጠውን ቃል። ውጤቱ ያው ይሆን ነበር ብሎ ትሪቡናሉ ካመነ አቤቱታውን ሊጥለው ይችላል። ከውሳኔው በኋላ የተገኘ አዲስ የስጋት ማስረጃ ግን ቦታው እዚህ አይደለም፤ ለሆም ኦፊስ በአዲስ ማመልከቻ ይገባል።

የጁዲሻል ሪቪው አቤቱታ የሚገባው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። አስቀድሞ ለሆም ኦፊስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይላካል፤ ለመልስ የተለመደው 14 ቀን ነው፤ ይህ ግን 3 ወሩን አያቆመውም። ሶሊሲተር ፍለጋ ሁለት ወር የፈጀ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አቤቱታው ከመሰማቱ በፊት የትሪቡናሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ በወረቀት ከተከለከለ የቃል ችሎት ለመጠየቅ ያለው 9 ቀን ብቻ ነው፤ «ፈጽሞ መሠረት የለውም» ከተባለ ደግሞ ያም የለም። ብታሸንፉም ውሳኔው ተሽሮ ወደ ሆም ኦፊስ ይመለሳል። በሁለተኛው ዙር እንደ ፍሬሽ ክሌም ተቀብሎ ቢከለክል እንኳ የይግባኝ መብት ታገኛላችሁ፤ ማስረጃውን ራሱን የሚመዝን ዳኛ የምታገኙት ያኔ ነው።