ትርፍ መስሎ የመጣ ዕዳ

«ነገ የዓመቱን ሂሳብ እንዘጋለን። የመጋዘን ቆጠራው ከመዝገቡ በልጦ ተገኘ። አለቃዬ ‹የቆጠራ ትርፍ ብለህ መዝግበውና ዝጋ› ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እንዳትመዘግበው። ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይወልድም። በሆነ በር ገብቷል፤ ያስገባው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይጠይቃል።

1. አሁኑኑ ወደ መጋዘን ውረድና የዕቃ መረከቢያ ጥራዙን ራስህ ግለጠው። ዝርዝር ላኩልኝ ብለህ አትቀመጥ። እኔ ለሥራው አዲስ ሳለሁ፣ በመዝጊያው ዋዜማ መዝገቡ 60 ጥቅል ጨርቅ ሲል ቆጣሪዎቹ 100 አገኙ። አለቃዬ ፊታቸው በራ። እኔ ግን የመዘገብኩት የመጨረሻ መረከቢያ ቁጥር 412 ስለነበር ጥራዙን ለማየት ወረድኩ። ቁጥር 413 ተሞልቶ፣ ተፈርሞበት፣ የሂሳብ ክፍሉ ቅጂ ሳይቀደድ እዚያው ተቀምጧል። 40 ጥቅል፤ ቀኑም ከዓመቱ መጨረሻ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። የመጋዘን ኃላፊው «የአቅራቢው ደረሰኝ ሲመጣ አብሬ ልልክልህ ብዬ ነው» አሉኝ። 414ንም አየሁት፤ ባዶ ነበር። አንተም ቀጣዩን ቁጥር እየው፤ ዕቃው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ደርሶ የተሞላ ከሆነ የዚህ ዓመት ጉዳይ አይደለም።

2. ዋጋውን ከግዢ ማዘዣው ውሰድ። አቅራቢው ዘንድ ብትደውል እንደ እኔ «ደረሰኝ ሳንልክ እናንተን ምን አስቸኮላችሁ?» ተብለህ ስልክ ይዘጋብህ ይሆናል። የእኛ ማዘዣ የአንዱን ጥቅል ዋጋ 2,500 ይል ነበር፤ በ40 ሲባዛ 100,000። ስለዚህ ዴቢት የዕቃ ክምችት 100,000፣ ክሬዲት ደረሰኝ ያልቀረበለት ተከፋይ ሂሳብ 100,000።

አለቃዬ «ደረሰኝ የሌለው ዕዳ የት አለ?» ብለው ተቆጡ። ዕዳው የተወለደው ዕቃውን ፈርመን በተረከብን ቀን መሆኑን ብነግራቸውም አልሰሙኝም። የሰሙኝ ቀጣዩን ዓመት በወረቀት ላይ ሳሳያቸው ነው። ክሬዲቱን ትርፍ ብንለው የዘንድሮው ትርፍ ያለአግባብ በ100,000 ያብጣል። ከዚያ ደረሰኙ ሲደርስ ያንኑ ዕቃ እንደ አዲስ ግዢ ዳግም እናስገባዋለን። መጋዘን ውስጥ የሌሉ 40 ጥቅሎች በመዝገብ ላይ ይፈጠራሉ፤ በሚቀጥለው ቆጠራ ጉድለት ሆነው ይወጣሉ፤ የሚጠየቁትም ምንም ያላጠፉት የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። «በል በራስህ ፊርማ መዝግበው» አሉኝ። ፈረምኩ፤ ዛሬም ብሆን እፈርማለሁ። ኦዲተሩ ሲመጣ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የዓመቱ የመጨረሻ መረከቢያ ቁጥር ነበር። 413ን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ገጹን ገለጠ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ «ያገኘነው ዕዳ» እያሉ ሲያወሩ መስማቴን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

3. ደረሰኙ ሲመጣ ዴቢት የምታደርገው ያንን ተከፋይ ሂሳብ ነው፤ ክሬዲቱ የአቅራቢው ሂሳብ። ክምችቱን አትንካው። ዋጋው ከማዘዣው በጥቂቱ ከተለየ ልዩነቱን ብቻ አስተካክል፤ በመረከቢያው ቅጂ ጀርባ ላይም የመዘገብክበትን የሰነድ ቁጥር ጻፍበት፤ ሌላ ሰው አግኝቶ እንደገና እንዳይመዘግበው።