የጋራ ደረጃ ላይ ስለተከማቸ ዕቃ ለተከራዮች የሚጻፍ ደብዳቤ

«ጂ+3 ቤቴን ለስድስት ቤተሰብ አከራይቻለሁ። ደረጃው በጀሪካን፣ በከሰልና በሕፃን ጋሪ ተሞልቶ ማለፊያ ጠፍቷል። በቃል ብናገር ሰሚ የለም። ሳንጣላ የሚሠራ ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ከመጻፍህ በፊት ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ውጣና የትኛው ማረፊያ ላይ ምን እንዳለ መዝግብ። «ማንኛውም ዕቃ ይነሳ» የሚል ደብዳቤ አይሠራም። እኔ በማስተዳድረው ሕንፃ ባለቤቱ መጀመሪያ እንደዚያ ብለው ለጠፉ። አንድ ጀሪካን እንኳ አልተነሳም። ሁሉም ለጎረቤቱ የተጻፈ መሰለው። የጫማ መደርደሪያ ያስቀመጠችው «የኔ እኮ መንገድ አይዘጋም» አለች። ጋሪ ያቆመው ደግሞ መደርደሪያውን አሳየ።

ስትመዘግብ ከደረጃው ሥር ያለውንም እይ። ከግንባታ የተረፈ ቀለም፣ ቲነርና ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ የአከራዩ ነው። እሱ ሳይነሳ ደብዳቤ ብትበትን ማንም አይሰማህም። ቆጣሪዎቹም እዚያው ከሆኑ ቲነሩን ዛሬውኑ አውጣ።

ቀጥሎ ዕቃውን ለሁለት ክፈለው፤ ቀነ ገደቡም ይለያይ። ከሰል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አሮጌ ፍራሽና ካርቶን ብዙ ቀን የሚሰጣቸው አይደሉም። ደረጃ ቤት እሳት ከተነሳ እንደ ጭስ ማውጫ ጭሱን ወደ ላይ ይስባል፤ የላይኞቹ መውጫ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። የሲሊንደር ጋዝ በተቃራኒው ከአየር ስለሚከብድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢያፈስ ወደ ታች ወርዶ ይከማቻል። ስለዚህ «ከደረጃው ሥር አስገቡት» አትበል። ነፋስ የሚያገኘው በረንዳ ይሻላል።

ጀሪካን ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ውሃውን ቤቱ ውስጥ የሚያኖርበት ስለሌለው ነው ደረጃው ላይ የሚደረድረው። ቦታ ካላሳየኸው አያነሳም፤ ቢያነሳም በሳምንቱ ይመልሰዋል። እኛ ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ጥግ መደርደሪያ አሠርተን በየቤቱ ቁጥር ከፋፈልነው። ጀሪካኑ በዚያው ቀረ።

እኛ የበተንነው ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር። ቀኑን ለራስህ አስተካክለው፦

ቀን፦ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም
ለ፦ የሕንፃው ተከራዮች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የጋራ ደረጃውን ነፃ ስለማድረግ

የደረጃችን ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ነው። አንደኛ ፎቅ ማረፊያ ላይ በተቀመጠው መደርደሪያ ምክንያት 80 ብቻ ቀርቷል። በሽተኛ በቃሬዛ ለማውረድ ይህ አይበቃም።

ከሰል፣ ሲሊንደርና ፍራሽ እስከ ረቡዕ ጥቅምት 5 ማታ ድረስ እንዲነሱ እንጠይቃለን። ማረፊያ ላይ ከሰል ማቀጣጠልም ይቁም። ጀሪካን፣ ጋሪና የጫማ መደርደሪያ እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ይነሱ። ለጀሪካን ግቢው ውስጥ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ጋሪ ከዋናው በር ጎን በተከለለው ቦታ ይቆማል። ከባድ ዕቃ ለማውረድ ቅዳሜ ጠዋት ጥበቃው ያግዛል።

ከደረጃው ሥር የነበረው የእኛ ዕቃ ተነስቷል። እሳት ከታየ ወደ 939 ይደውሉ።

የቤት ቁጥርም ሆነ ስም አላነሳንም። ዕቃውና ያለበት ቦታ ከተጻፈ ባለቤቱ ራሱን ያውቃል፤ በጎረቤት ፊት ግን አያፍርም። ሁለተኛው ቀነ ገደብ ሁለት ቅዳሜ እንዲኖረው ያደረግነው ሥራ የሚውሉት ጊዜ እንዲያገኙ ነው። የማይፈልጉትን ለቁራሌው የሸጡም ነበሩ።

«ካላነሳችሁ ትለቃላችሁ» የሚል መስመር አታስገባ። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ተከራይን በንዴት ማስወጣትም አይቻልም። ተከራዮች ይህን ያውቃሉ። የማትፈጽመውን ከጻፍክ የቀረውም ይናቃል።

ደብዳቤውን በር ላይ ብቻ አትለጥፍ። ለየቤቱ አንድ አንድ ስጥና በቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልህ። መፈረም የማይፈልግ ካለ ሁለት ሰው ባለበት ስጠውና የምስክሮቹን ስም ጻፍ።

ቀኑ አልፎም ያልተነሳ ዕቃ ቢኖር በራስህ እጅ አትጣለው፤ «ውስጡ ገንዘብ ነበረበት» ቢባል መልስ የለህም። መጀመሪያ ባለቤቱን ለብቻው አነጋግረው። እኛ ዘንድ የቀረችው አንዲት እናት ነበረች፤ ቁምሳጥኑን የሚያወርድላት ሰው አጥታ እንጂ እምቢ ብላ አልነበረም። የማን እንደሆነ ለማይታወቅ ዕቃ ፎቶ አንሳ፣ ዝርዝሩን በሁለት ምስክር አስፈርም፣ ከዚያ ስቶር አስገባና የት እንዳለ በሩ ላይ ለጥፍ።