ያልተከፈለ ሂሳብ ስትጠይቁ

የግል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከፋይ ነበርኩ ማለት ነው። የምነግራችሁም ከዚያኛው ጠረጴዛ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ሂሳባችሁ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ "ሊበሉኝ ነው" የሚል ሐሳብ ነው። አልፎ አልፎ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወረቀታችሁ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው። ሥራውን ያዘዛችሁ ሰው ለፋይናንስ አስተላልፎ ረስቶታል። ፋይናንስ የርክክብ ሰነድ አልተያያዘም ብሎ ወደ ጎን አድርጎታል። ወይም ቼኩ ተጽፎ ሁለተኛው ፈራሚ መስክ ወጥቷል። ይህን ደውሎ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስታወሻ ዋና ሥራው ወረቀቱ የት እንደቆመ ማወቅ ነው።

የእህቴ ልጅ ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ካዛንቺስ ላለ ድርጅት ብሮሹር ሠራች። ዋጋው 75,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 86,250 ነው። ፕሮፎርማዋ ላይ ክፍያው ከርክክብ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይላል። ጥር 12 አስረከበች። የካቲት 12 አለፈ፣ ዝም። ልትልክ ያዘጋጀችውን መልእክት አሳየችኝ፦ "ሰላም ነው? ያ ነገር እንዴት ሆነ? የቤት ኪራይ ደርሶብኝ በጣም ቸግሮኛል።"

የምትጽፍላቸው ሴትዮ "ያ ነገር" የሚባል ስንት ጉዳይ አለባቸው! የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፋይል ማገላበጥ ሊኖርባቸው ነው፤ ስለዚህ ለነገ ያሉታል። የቤት ኪራዩ ደግሞ የሠራችበትን ገንዘብ እርዳታ ያስመስለዋል። አብረን እንዲህ አደረግነው፦

"ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ። ጥር 12 ያስረከብኩት የብሮሹር ሥራ ክፍያ፣ 86,250 ብር፣ ቀኑ የካቲት 12 አልፏል። ፋይሉ አሁን የትኛው ክፍል እንዳለ ቢነግሩኝ? የጎደለ ሰነድ ካለ ዛሬውኑ አመጣለሁ። የክፍያ መጠየቂያውንና የርክክቡን ኮፒ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።"

ሴትዮዋ ይህን ምንም ሳይጨምሩበት ለፋይናንስ ማስተላለፍ ይችላሉ። ሥራው፣ ቀኑ፣ ብሩ፣ ወረቀቱ ሁሉም እዚያው አለ። ጥያቄውም የማያሳፍር ነው። "ለምን አልከፈላችሁኝም?" ብትል ሰበብ ይፈልጉ ነበር። "የት ክፍል ነው?" ሲባሉ ግን ደውለው ይጠይቃሉ። ደወሉም፤ ርክክቡ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ጎድሎ ነበር። ልጅቱ ሄዳ አስፈረመች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቼኩ ወጣ።

ቼኩ ላይ ያለው ብር ከ86,250 ያነሰ ነበር። ደነገጠች። ግን የተቆረጠው ዊዝሆልዲንግ፣ ከፋዩ ቀድሞ የሚቀንሰው ግብር ነው፣ ማንም አልበላትም። ይህ ሲገጥማችሁ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ጠይቃችሁ ያዙ፤ የዓመቱን ግብር ስትከፍሉ ይታሰብላችኋል።

መልስ ካልመጣስ? አምስት የሥራ ቀን ያህል ጠብቁና ደውሉ፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ያዘዛችሁን ሰው ዘልላችሁ አለቃው ጋ አትሂዱ። አለቃው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ በፍጹም አትጠይቁ። በሰው ፊት የተጠየቀ ሰው ይከፍላችሁ ይሆናል፣ ሁለተኛ ሥራ ግን አይሰጣችሁም። በሁለተኛው መልእክት ላይ ምክንያት መጨመር ካስፈለገ ቫቱን አንሱ። ደረሰኝ ከቆረጣችሁ ያን 11,250 ብር፣ እነሱ ቢከፍሉም ባይከፍሉም፣ በወሩ ማስታወቅ አለባችሁ። የፋይናንስ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ የቤት ኪራያችሁን ግን ምን ያድርገው?

ከዚያም ዝም ከተባለ ደብዳቤ ነው። ቋንቋው ያው ትሁት ይሁን። መዝገብ ቤት አስገቡና በራሳችሁ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ያን ቁጥር ይዛችሁ ስትደውሉ "አልደረሰንም" የሚባል ነገር የለም። ደንበኛችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ሰኔን እያያችሁ አትቀመጡ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ካለፈ ጉዳዩ ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ዞሮ ይንዛዛል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ያልከፈላችሁ ደንበኛ አዲስ ሥራ ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ያስፈራል፣ እሺ ማለት ዕዳውን ያበዛል። "በደስታ፣ የፊተኛው እንደተዘጋ እጀምራለሁ" በሉት። ከልቡ የሚፈልጋችሁ ከሆነ ፋይናንስ ድረስ ራሱ ሄዶ ያስፈጽምላችኋል። የእህቴ ልጅ ለዚያው ድርጅት ሁለተኛ ሥራ ስታገኝ ፕሮፎርማው ላይ 50 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ጻፈች። ሴትዮዋ ተከራከሯት፣ በ40 ተስማሙ።