የክዳኑ ላይ S ሲልክ ማለት አይደለም

«ሳሎናችን ከተቀባ ሁለት ዓመት ሆነው። ክረምት ላይ በመስኮቱ በኩል ውሃ ገብቶ ስቱኮው ተላጠ። መስኮቱን አሠርተናል፤ ግድግዳውን ግን በዚያው ቀለም ላስቀባ ብል ቀቢው ከተማውን ለቋል። በእጄ ያለው የአንድ ቆርቆሮ ክዳን ፎቶ ነው፤ ግማሹ በቀለም ተሸፍኗል። የየትኛው ፋብሪካ ነው? ቀለም ቤት ያለው ልጅ S ስለሚል ሲልክ ነው አለኝ። እውነት ነው?» — ከደሴ፣ ሸዋ በር

አይደለም፣ እህቴ። ሲልክ የፋብሪካ ስም ሳይሆን ለስለስ ያለ ማብረቅረቅ ያለው የቀለም አጨራረስ ነው፤ S ደግሞ እሱን አያመለክትም። ልጁ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ይህን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራዋል። ፎቶሽን አጉልቼ ሳነበው ስቲከሩ ላይ የቀረው ይህ ነው፦

```
S 1510-Y20R
BASE A   4 L
B   3.2
C  11.6
F   1.4
```

የመጀመሪያው መስመር ኤንሲኤስ የሚባለው የስዊድን የቀለም መለያ ኮድ ነው። S የሚለው ፊደል ኮዱ ከሁለተኛው የኤንሲኤስ እትም መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ማብረቅረቅ አንድም ነገር አይልም። የማያብረቀርቅ ማት ግድግዳም ላይ S አለ፣ በጣም የሚያብረቀርቅ ግሎስ ላይም S አለ። 15 ማለት የጥቁረቱ መጠን ነው፣ 10 ደግሞ የቀለሙ ጉልበት። Y20R ቢጫ ሆኖ 20 በመቶ ወደ ቀይ ያዘነበለ ማለት ነው። ስለዚህ ሳሎንሽ ለስለስ ያለ ቤዥ ነው።

ከታች ያሉት ፊደሎች ማሽኑ የጨመራቸው ማቅለሚያዎች ናቸው። በብዙ ማሽኖች B ጥቁር፣ C ቢጫ፣ F ቀይ ነው፤ ቁጥሮቹ እዚህ ሚሊ ሊትር ይመስላሉ። ቢጫው በብዛት፣ ቀዩ በጥቂቱ መሆኑ ከላይኛው ኮድ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ንባባችን ትክክል ነው ማለት እንችላለን። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዘሽ ሌላ ፋብሪካ ቀለም ላይ አታስጨምሪ። ቤዙ፣ ማለትም ማቅለሚያ የሚጨመርበት መነሻ ቀለም፣ ውስጥ ያለው ነጭ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ማቅለሚያውም ጉልበቱ አንድ አይደለም። ቀመሩ የሚሠራው በተወለደበት ቤዝ ላይ ነው። ሌላ ቤት ከሄድሽ የምትሰጪው S 1510-Y20R የሚለውን ነው፤ የእነሱ ማሽን የራሱን ቀመር ያወጣል። BASE A የሚለውም ብዙ ጊዜ ለነጣ ያሉ ቀለሞች የሚሆን ቤዝ ነው እንጂ የአጨራረስ ስም አይደለም።

አሁን ወደ ፋብሪካው። ስቲከሩን የሚያወጣው ቀላቅሎ የሸጠው ሱቅ ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካ ስም ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። የፋብሪካው ምልክት የሚፈለገው ክዳኑ ላይ ከታተመው ወይም በፕሬስ ከተቀረጸው ጽሑፍ ነው። በፎቶሽ ላይ ጠርዙ ዘንድ B 2207 0318 የሚል ባች ቁጥር፣ ማለትም አንድ ላይ የተመረተ ቀለም መለያ፣ ይታያል፤ ስሙ ያለበት ቦታ ግን ቀለም ፈሶበታል። 22 ዓመት፣ 07 ወር ሊመስል ይችላል። ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ባች የሚጽፈው በራሱ መንገድ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ስሙን ብነግርሽ መዋሸት ይሆንብኛል። ባች ቁጥር የሚጠቅመው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ሻጩ ወይም ፋብሪካው መዝገቡን ከፍቶ የትኛው ምርት እንደሆነና አጨራረሱን ሊነግርሽ ይችላል።

ክዳኑ ቤት ካለ ሌላ ፎቶ አንሺው። ፍላሽ አጥፊ። የሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን፣ ከክዳኑ ጋር እኩል አድርገሽ አብሪበት፤ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይጥላል። ካልታየ ስስ ወረቀት ጫኚበትና እርሳስ በአግድሙ እሺበት። ስቲከሩን ግን በቲነርም በአልኮልም አትንኪው፣ ፀሐይ ላይም አታስጪው። ብዙው በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ይጠቁራል ወይ ይደበዝዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክዳኑ የዚያው ቆርቆሮ መሆኑን አረጋግጪ። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ስቀባ ክዳን አምኜ ኮሪደሩን ሙሉ ደግሜ ቀብቻለሁ። ሥራ ላይ አራት አምስት ቆርቆሮ ሲከፈት ክዳን ይቀያየራል፤ የመኝታ ቤቱ ክዳን የሳሎኑ ላይ ይገጠማል። አብሽሪ፣ ማወቂያ አለው። ሱቆች ከቀላቀሉ በኋላ ክዳኑ ላይ በጣታቸው ጠብታ ያደርጋሉ። የአንቺም ክዳን ከስቲከሩ በስተቀኝ የአውራ ጣት ያህል ጠብታ አለው። ክዳኑን ከቁም ሳጥን ጀርባ ካለው፣ እጅና ፀሐይ ካልነካው ግድግዳ ጋር አጠጊው። ከገጠመ ክዳኑ የሳሎኑ ነው። ይህን በዓይንሽ እይ እንጂ በፎቶ አትፍረጂ። ስልክ ቤዡን አንዴ ሮዝ፣ አንዴ ግራጫ ያደርገዋል።

አጨራረሱን የሚነግርሽ ራሱ ግድግዳው ነው። ማታ መብራት አጥፊና እዚያው ቁም ሳጥን ጀርባ ባትሪ አብሪበት፤ ትንሽ ዘንበል ብለሽ ተመልከቺ። የባትሪው ዓይን ቅርጹ ጥርት ብሎ ከታየ ግሎስ ነው። ደብዘዝ ያለ የብርሃን ጉብታ ከታየ ሲልክ ወይም ሰሚ ግሎስ ነው። ብርሃኑ ዝም ብሎ ከተበተነ ማት ነው። ሶፋ የሚነካካውን ቦታ አትፈትኚ፤ ማት ቀለም ሲታሽ ያብረቀርቅና ሲልክ ይመስላል።

ውሃ ቀለም ይሁን ዘይት ቀለም ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክረሽ በድብቅ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ያህል እሺ። ቀለሙ ለስልሶ ጨርቁን ከነካው ውሃ ቀለም፣ ማለትም ፕላስቲክ የምንለው ነው። ንቅንቅ ካላለ ዘይት ሳይሆን አይቀርም። ዘይት ከሆነ ሳያሻክሩ በላዩ ውሃ ቀለም መቀባት አይሆንም፤ ቆይቶ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

የፋብሪካው ስም ከተገኘ ደስ ይላል፣ ያንኑ ግዢ። ካልተገኘም ኮዱ፣ ቀለሙ ውሃ ወይም ዘይት መሆኑና አጨራረሱ በእጅሽ ካሉ ማቀላቀያ ማሽን ያለው ማንኛውም ሱቅ ይሠራልሻል። መጀመሪያ አንድ ሊትር ብቻ አስቀላቅይ። ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢና እስከ ነገ ተዪው፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ እርጥቡ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ በቀትርም በማታ መብራትም እይው። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ አትወስኚ።

ልክ ቢመጣም የተላጠውን ቦታ ብቻ አታስቀቢ። ሁለት ዓመት የኖረ ግድግዳ ፀሐይና ጭስ ለውጦታል፤ ትኩሱ ቀለም እንደ እራፊ ይታያል። አዲሱ ስቱኮ በደንብ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ከዚያ ፕራይመር ይቀባ። ፕራይመር ከተዘለለ ስቱኮው ቀለሙን ስለሚመጠው ያ ቦታ ብቻ ማት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቆርቆሮ ከገዛሽ ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ አገላብጦ እንዲያዋህዳቸው ለቀቢው ንገሪው። ከዚያ ያንን አንዱን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይቅባውና እዚያው ማዕዘኑ ላይ ያቁም።